የስክሪንሾት ጽሑፍ ለመቀየር፦ ፊግማ፣ ጊምፕ ወይስ ፎቶሾፕ?

ከዚራ ላሉ ባለሱቆች የትዕዛዝ መቀበያ አፕ ማሠልጠኛ እያዘጋጃችሁ ነው እንበል። ስክሪንሾቱ ላይ የእውነተኛ ደንበኛ ስምና «ብር 450» አለ። ስሙ ወጥቶ የሙከራ ስም ይገባል፤ ግን ማንም ተነካክቷል ማለት የለበትም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስቱንም በአንድ ፈተና አወዳድሩ። መጀመሪያ አዲሱን ስም ሳይሆን የነበረውን ራሱን ጽሑፍ ከላዩ ላይ ጻፉና የሌየሩን ሞድ Difference አድርጉት። ሁለቱ ከገጠሙ ቦታው ጥቁር ይሆናል። ካልገጠሙ የፊደሉ ጠርዝ እያበራ ያሳብቅባችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። አንድሮይድ ብዙ ጊዜ «ብር» የሚለውን በ Noto Sans Ethiopic፣ «450»ን ደግሞ በ Roboto ይጽፋል። ሙሉውን መስመር በአንድ ፎንት ከጻፋችሁት ቁጥሩ ቅርጹ ይለወጣል። (ሳምሰንግ ላይ ባለቤቱ ፎንት ቀይሮ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው።) መጠኑም ከስልኩ ይመጣል፦ 420 ዲፒአይ ስክሪን ላይ 16 sp ማለት 42 ፒክስል ነው።

እዚህ ላይ ፊግማ ይመቸኛል። ሁለቱም ፎንቶች ውስጡ አሉ፣ መለኪያው ፒክስል ነው፣ የፊደል ክፍተቱንም በፐርሰንት ትሰጡታላችሁ። አፑ የማቴሪያል ዲዛይንን ዋና ጽሑፍ ከተጠቀመ 3.1 አካባቢ ሞክሩ። ነፃው እቅድ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ችግሩ ኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ጊምፕ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፎንቶቹን ግን ራሳችሁ አውርዳችሁ ትጭናላችሁ። ጽሑፉ ከስልኩ ይልቅ ደረቅ ብሎ ከታየ Hinting የሚለውን None አድርጉት። ክፍተቱን የሚቀበለው በፒክስል ስለሆነ ያው 3.1 ፐርሰንት ወደ 1.3 ፒክስል ይሆናል።

ፎቶሾፕ በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል። ውጭ የሚሠራ ካርድ ከሌላችሁ እዚያው ያበቃል። ስሙ ያረፈው ፎቶ ላይ ከሆነ ግን ከኋላ ያለውን መሙላት ላይ የሚደርስበት የለም። ነጭ ጀርባ ላይ ላለ ጽሑፍ ያን ያህል አላወጣበትም፤ የጀርባውን ቀለም ቀድቶ ሬክታንግል ማስቀመጥ ይበቃል። የጠርዝ ማለስለሻውን Windows LCD አታድርጉት፤ 800 ፐርሰንት አጉልታችሁ ስታዩ ቀይና ሰማያዊ ፒክስል ያመጣል። የስልክ ስክሪንሾት ጠርዝ ግን በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለ ቀለም ብቻ ነው። የተቀየረው ጽሑፍ ከቀረው ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ከታያችሁ Color Settings ውስጥ Blend Text Colors Using Gamma የሚለውን አጥፍታችሁ እዩ።

የትኛውንም ብትመርጡ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ስትቀበሉ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እንደ ፎቶ ከመጣ ተጨምቆ ጠርዙ ዙሪያ ብናኝ ይሰፍራል፤ ያኔ ንጹሑ አዲስ ጽሑፍ ብቻውን ይጋለጣል።