ምልክት ወይስ ቁጥር? የዳቦ ቤት የጥራት መቆጣጠሪያ ቅጽ

አንዱ ቅጽ «ሊጡ በደንብ ተቦክቷል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ፊት ምልክት የሚደረግበት ሲሆን፣ ሌላው የተለካው ቁጥር የሚጻፍበት ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ቢሆንም ሥራ ሲበዛ ምልክቶቹ ሁሉ በፈረቃው መጨረሻ ባንድ ጊዜ ይሞላሉ፤ የእስክሪብቶው ቀለምና የእጁ አጣጣል ያሳብቃል።

ቁጥር የሚጻፍበት ቅጽ ጥቅሙ በሞቃት ቀን ይታያል። ሊጡ ተቦክቶ ሲያበቃ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ከተፈለገ፣ የሚታሰቡት የዱቄቱ፣ የክፍሉና የውሃው ሙቀቶች ሦስት ስለሆኑ 25 በ3 ተባዝቶ ከሚገኘው 75 ላይ የዱቄቱ ሙቀት 28፣ የክፍሉ 30 እና ማቡኪያ ማሽኑ በሰበቃ ለሚጨምረው ሙቀት ቀድሞ በሙከራ የተገኘው 9 ይቀነሳሉ፤ ስለዚህ ውሃው 8 ዲግሪ መሆን አለበት። በምልክቱ ቅጽ ግን የተለመደው ውሃ ይጨመራል፤ ሊጡ ከሰዓቱ በፊት ኩፍ ብሎ ያልፍበታል፣ ዳቦውም ምድጃ ውስጥ ይሟሽሻል፣ ቅጹ ላይ ግን ሁሉም ደህና ነው።

ጠረጴዛው መጽዳቱን ለመሳሰሉት፣ መልሳቸው አዎ ወይም አይደለም ለሆኑ ጉዳዮች ምልክቱ ይበቃል።