ጥራትን መቆጣጠርና ጥራትን ማረጋገጥ፦ በዱቄት ከረጢት ሚዛን ሲነጻጸሩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዱቄት በ50 ኪሎ ከረጢት የሚያሽግ ፋብሪካ አለ እንበል። የጥራት ቁጥጥር የተሞላውን ከረጢት መዝኖ የጎደለውን ይመልሳል፤ የጥራት ማረጋገጫ ግን የመሙያው ሚዛን በየስንት ጊዜው እንደሚፈተሽና ማን እንደሚያስተካክለው አስቀድሞ ይደነግጋል።

ልዩነቱ በቁጥጥር ቻርት ላይ፣ ማለትም ልኬቶችን በጊዜ ቅደም ተከተል ከመሃል መስመርና ከወሰኖች ጋር በሚያሳይ ሰንጠረዥ ላይ፣ ጎልቶ ይታያል። የከረጢቶቹ ክብደት መደበኛ ልይይት 0.2 ኪሎ ከሆነና በየሰዓቱ የ4 ከረጢት አማካይ ከተመዘገበ፣ 0.2 ለ4 ዳግም ዘር፣ ማለትም ለ2 ተካፍሎ 0.1 ይሆናል፤ የዚህ ሦስት እጥፍ ከ50 ላይ ሲቀነስና ሲደመር ወሰኖቹ 49.7 እና 50.3 ይሆናሉ። ስምንት ተከታታይ አማካዮች 50.15 አካባቢ ቢውሉ፣ ወሰን ያለፈ አማካይ ስለሌለ ወሰኑን ብቻ የሚያየው መዛኝ ሁሉንም ያሳልፋል፤ ደንበኛም በአማካይ ትርፍ ስለሚያገኝ የማማረሩ ዕድል ጠባብ ነው። ይሁን እንጂ ስምንቱም ከመሃል መስመሩ በላይ መዋላቸው አሞላሉ መዛባቱን ይጠቁማል።

በቀን 2,000 ከረጢት ቢታሸግ፣ በእያንዳንዱ 0.15 ኪሎ ትርፍ፣ 300 ኪሎ ዱቄት ያለ ዋጋ ይወጣል፤ ይህ የውስጥ ጉድለት ወጪ ነው። የመዛኙ ደመወዝ የምርመራ ወጪ፣ የመሙያው ሚዛን መደበኛ ማስተካከያ ደግሞ የመከላከያ ወጪ ነው። በእኔ ግምት እዚህ ሁለተኛ መዛኝ መቅጠር የምርመራ ወጪን ከመጨመር በቀር ያንን ዱቄት አያስቀርም።