የደንበኛዋ ቃል፦ ተጋንኖ ወይስ እንዳለ?

ሽሮ ለምትሸጥ ጓደኛዬ አንዲት ደንበኛ በቴሌግራም እንዲህ ጻፈችላት፦ «ልጆቼ ሳህኑን ጠረጉት። ለእኔ ግን ትንሽ ያቃጥላል።» ጓደኛዬ ከዚህ ሁለት የማስታወቂያ ረቂቅ አዘጋጀች።

አንደኛው፦ «ደንበኞቻችን ሁሉ ያበዱለት ሽሮ!» ዓይን ይስባል። ግን አንዲቷ ሴት «ሁሉ» ሆነች፤ ማቃጠሉም ተደበቀ። ቃጠሎ የማይወድ ሰው ገዝቶ ቅር ይለዋል።

ሁለተኛው፦ «‹ልጆቼ ሳህኑን ጠረጉት። ለእኔ ግን ትንሽ ያቃጥላል› ብላናለች ደንበኛችን። ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ ስታዙ ንገሩን።»

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የተጠረገ ሳህን ዓይን ላይ ይመጣል፤ «ያበዱለት» ግን ምንም አያሳይም። ቅሬታውም መረጃ ሆነ፤ የሚያቃጥል የሚወድ ሰው እንዲያውም ለዚሁ ብሎ ይመጣል። ለስለስ ያለውን ግን በእርግጥ የምታዘጋጅ ከሆነ ብቻ ነው መጻፍ ያለባት።

በውስጥ መስመር የመጣ ምስጋና የመለጠፍ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ጓደኛዬ ያለቀውን ጽሑፍ ለደንበኛዋ ላከችላት፦ «እህቴ፣ ይህን ቻናላችንና ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው? ስምሽ ይግባ ወይስ ይቅር?»

«ቃሉን ለጥፊው፣ ስሜን ግን ተዪው» አለቻት። የመልእክቱን ስክሪንሾት መለጠፉም ቀረ፤ ስሟና ፎቶዋ እዚያው ላይ ይታያሉ።