«2.5» ተብሎ የተሸጠልኝ የሶኬት ሽቦ 2.5 አልነበረም

ይህን የምጽፈው ቤት በመሥራት ላይ ላላችሁና የሶኬት መስመር ገና ላልዘረጋችሁ ነው። ለወጥ ቤትና ለሳሎን ሶኬቶች «2.5» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸውን ሦስት ጥቅል ባለ 100 ሜትር ሽቦ ገዛሁ። ዋጋው ሌሎች ሱቆች ከጠየቁኝ በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር፤ ሻጩ ዕቃውን ከአስመጪው በቀጥታ ስለሚረከብ መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት። ግድግዳው ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ከገባን በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ሲጋገር የምጣዱ ሶኬት ፊቱ ቡናማ ሆነ፤ የተቃጠለ ላስቲክም መሽተት ጀመረ። ብሬከሩ ግን አንድም ጊዜ አልወረደም።

ምጣዱ 3,800 ዋት ነው፤ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል 17.3 አምፒር ገደማ ይሆናል። እውነተኛ 2.5 የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ባለ ቱቦ ብቻውን ካለፈ ከ20 እስከ 24 አምፒር ሳይጎዳ ስለሚሸከም፣ ሽቦው ሊግል የሚገባው አልነበረም። ስለዚህ ከሶኬቱ ጀርባ አንድ ቁራጭ አውጥቼ ላስቲኩን ላጥኩና በካሊፐር ለካሁት። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፦ 2.5 የሚለው ቁጥር ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት በካሬ ሚሊሜትር እንጂ የሽቦው ውፍረት አይደለም። ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ሽቦ ውፍረቱ 1.78 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የእኔው 1.45 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ስፋቱም ሲሰላ 1.65 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ከዚህ የባሰው ግን በቢላዋ ስፍቀው የታየኝ ነው፦ ከላይ ያለው ቀይ መዳብ ስስ ቅብ ሲሆን ውስጡ ነጭ አልሙኒየም ነበር።

ቀጭንነቱና አልሙኒየምነቱ ሲደመሩ ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚሰጠው መቋቋም ከእውነተኛው 2.5 መዳብ ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል፤ የሚፈጥረው ሙቀትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ 14 ሜትር ስለሆነ፣ ሄዶ መላሹ ሽቦ 28 ሜትር ነው፤ በእውነተኛው ሽቦ 60 ዋት ገደማ ይባክን የነበረው በእኔ ግድግዳ ውስጥ ከ130 ዋት በላይ ሆነ። በተጨማሪም አልሙኒየም በሶኬቱ ብሎን ሥር ሲጠብቅ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ፊቱም ይዝጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚቃጠለው መጋጠሚያው ነው።

ብሬከሩ ለምን ዝም አለ ለሚለው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብሬከር የሚያውቀው የሚያልፈውን አምፒር ብቻ እንጂ የሽቦውን ውፍረት አይደለም። የተገጠመልኝ ባለ 20 አምፒር ስለነበር 17.3 አምፒር ለእርሱ ጤናማ ጭነት ነው። ባለ 20 አምፒር ብሬከር 29 አምፒር ቢያልፍበት እንኳን ለመውረድ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ሽቦውን ከብሬከሩ ጋር ማመጣጠን የእኛና የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ለተራ ሶኬቶች 2.5 መዳብ ከባለ 16 አምፒር ብሬከር ጋር በቂ ነው፤ 1.5 ለመብራት ይቆይ። ምጣድ ግን በአንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራና ተራ ሶኬት ራሱ 16 አምፒር ብቻ ስለሚችል፣ ብቻውን የሚሄድ የ4 ካሬ መስመርና ጭነቱን የሚችል የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ቢደረግለት እመርጣለሁ። በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት ጭነት ያለባቸው መስመሮች ካለፉ ሙቀታቸው ስለሚደራረብ የእያንዳንዱ አቅም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ 24 አምፒር የነበረው ወደ 19 ይወርዳል፤ ስለዚህ የምጣዱን መስመር ለብቻው ቱቦ ስጡት።

ሽቦ ስትገዙ በመጀመሪያ ጥቅሉን በሚዛን አስመዝኑ። በ100 ሜትር እውነተኛ 2.5 ውስጥ ያለው መዳብ ብቻ 2.2 ኪሎ ስለሚሆን ከነላስቲኩ 3 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት፤ ተርፎኝ የቀረው ያልተከፈተ ጥቅል 1 ኪሎ ተኩል እንኳን አልሞላም። ቀጥሎ ጫፉን ልጣችሁ በካሊፐር ለኩ፤ በቢላዋም አጥብቃችሁ ፋቁት፤ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ይህ ሁሉ ሱቅ ውስጥ፣ ከክፍያ በፊት ይደረግ። እኔ የተቃጠለውን ቁራጭ ይዤ ስመለስ ሻጩ የተቆረጠ ሽቦ አይመለስም አለኝ፤ በደረሰኙም ላይ የተጻፈው «የኤሌክትሪክ ገመድ» የሚል ብቻ እንጂ መዳብ ወይም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሚል አልነበረም። እነዚህ ሁለቱ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፉላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ለመጻፍ ካንገራገረ ሽቦውን አትግዙ።