«ከመስቀል አደባባይ 1 ኪሎ ሜትር» ሲባል በአየር ነው በመንገድ?

ካዛንቺስ ያለ አፓርታማ «ከመስቀል አደባባይ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ» ተብሎ ሲተዋወቅ፣ ቁጥሩ በሁለት መንገድ ሊለካ ይችላል። አንደኛው ቀጥታ ርቀት ነው፤ በካርታ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሰመረው መስመር። ሌላው በእግር ወይም በመኪና የሚኬድበት የመንገድ ርቀት ነው። ደላላ የትኛውን እንደተጠቀመ አይናገርም፤ ብዙ ጊዜ ግን አጭሩን ነው።

የሁለቱ ጥቅም ይለያያል። ከቀጥታው ያጠረ መንገድ ስለሌለ፣ ቀጥታ ርቀቱ ከተባለው ከበለጠ ወሬው ውሸት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። ቀጥታው ልክ ሆኖ ሲገኝ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። ያኔ የሚፈርደው መንገዱ ነው።

ቀጥታውን ለመለካት ጎግል ማፕ ላይ መነሻውን ጫን አድርገው ይያዙ፣ ፒን ሲወጣ `Measure distance` የሚለውን ይምረጡና መሐል ላይ ያለው ክብ መድረሻው ላይ እስኪያርፍ ካርታውን ይሳቡ። ፒኑ የሚያርፍበትን ቦታ ይጠንቀቁ። መስቀል አደባባይ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ከየትኛው ዳር እንደተለካ ውጤቱን ይለውጠዋል፤ ቤቱም ላይ የሚያስፈልገው የግቢው በር እንጂ የሕንፃው ጣሪያ አይደለም። በቴሌግራም ሎኬሽን ሲላክልዎ ከሥሩ የሚታየው ርቀት እርስዎ ካሉበት በቀጥታ የተለካ ነውና እንደ መንገድ አይውሰዱት።

ያለ መሣሪያም ይሰላል፤ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ስሌቱ ቀላል ነው። እዚህ አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምሳሌ ቤቱ ከመነሻው በ0.0055 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ በ0.0075 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ቢገኝ፣ 605 እና 825 ሜትር ይሆናል። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው ደምረው ካሬ ሥሩን ሲያወጡ 1,020 ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ሲጠጋጋ 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ማስታወቂያው በቀጥታ መስመር ልክ ነው ማለት ነው።

አሁን መንገዱን ይጠይቁ። `Directions` ውስጥ በእግር የሚለውን መርጠው 1.8 ኪሎ ሜትር አወጣ እንበል። ይህን ለ1.02 ሲያካፍሉ 1.76 ይሆናል። መንገዶች እርስ በርስ ቀጥ ብለው በሚቆራረጡበትና ዝግ ነገር በሌለበት ሠፈር ይህ ቁጥር ከ1.41 ማለፍ አይችልም፤ በምሳሌያችንም ሁለቱ ጎኖች ተደምረው 1.43 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለ1.02 ሲካፈል 1.40 ይሆናል። ስለዚህ 1.76 ሲያዩ መሐል የቆመ ነገር አለ ማለት ነው። በመስቀል አደባባይና በካዛንቺስ መካከል አፍሪካ አዳራሽ ያለበትን የኢሲኤ ግቢ ያገኛሉ፤ መንገደኛ ሊያቋርጠው አይችልም፣ ይዞረዋል። በሌሎች ሠፈሮች ደግሞ ቤተ መንግሥት፣ የወንዝ ገደል ወይም የታጠረ ሐዲድ እንዲሁ ያስዞራል። በደቂቃ ሲመነዘር፣ በ80 ሜትር በደቂቃ የእግር ፍጥነት 13 ደቂቃ የመሰለው ጉዞ 22 ደቂቃ ተኩል ይሆናል።

ዳገቱስ? በርዝመት ረገድ ከቁጥር አይገባም፤ በ1 ኪሎ ሜትር 60 ሜትር ቢወጡ እንኳ የሚጨመረው 2 ሜትር አይሞላም። ጉልበቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የትኛውም ልኬት አይነግርዎትም፣ በተለይ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ።

መኪና ላላቸው ሌላ ጣጣ አለ። መንገዱ በአጥር ወይም በደሴት ሲከፈል በግራ መታጠፍ አይቻልምና ማዞሪያው ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ስለዚህ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ይለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ለብቻ ይመዝግቧቸው። ሰዓቱንም ሥራ በሚገቡበት ጊዜ አድርገው ይፈትሹ።

በዚህ ሁሉ ላይ የካርታው ዕድሜ አለ። ካዛንቺስና ፒያሳ በኮሪደር ልማት መንገዳቸውና ሠፈራቸው ብዙ ስለተለወጠ፣ ካርታው ላይ ያለ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ዛሬ ላይኖር፣ የሌለውም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። የመተላለፊያው ስም ሳይሆን ክፍት መሆኑ ነው ዋናው፤ በርና ጥበቃ ካለበት ማታ ይዘጋ እንደሆነ የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። ቀጥታ ርቀቱ ከእነዚህ አንዱም አይነካውም፤ ለዚህም ነው ሩቅ ቤቶችን በጅምላ ለመለየት የሚበቃው፣ ቀብድ ለመክፈል ግን የማይበቃው።