አንድ ጉልበት አብጦ ሲፋጅ «የሪህ ሙሉ ምርመራ» የሚባለውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን የማስጠንቀቂያ ጽሁፍ የምጽፈው፣ «የሪህ ሙሉ ምርመራ» ተብሎ በጥቅል የሚሸጥ የደም ምርመራ አባታችንን ሦስት ውድ ቀናት ስላሳጣቸው ነው። እኔ በላብራቶሪ ሙያ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በጥቅሉ ውስጥ ያሉትን ምርመራዎች በሙሉ በእጄ ስለምሠራቸው፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሚናገሩና ምን ሊናገሩ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ክሊኒኩን በስም አልጠራም፤ የማስጠነቅቀው ስለ ሽያጩ ዓይነት ነውና።

አባታችን የ63 ዓመት ሰው ናቸው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ለደም ግፊታቸውም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ሐሙስ ማታ ግራ ጉልበታቸውን ሲያማቸው አድሮ፣ ዓርብ ጠዋት ጉልበቱ አብጦና ቀልቶ እጅ ሲያርፍበት ይፋጅ ነበር፤ እግራቸውንም መርገጥ አልቻሉም። እኔ በሥራ ምክንያት ከከተማ ውጭ ስለነበርሁ ታናሽ ወንድሜ ክሊኒክ ወሰዳቸው፤ 2,600 ብር ከፍለውም ደማቸው ተቀዳ። ውጤቱ ዩሪክ አሲድ 7.9 ሆኖ አጠገቡ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ነበረው፤ ኢኤስአር 68፣ ሲአርፒ «ፖዘቲቭ»፣ ሩማቶይድ ፋክተርና ኤኤስኦ ደግሞ «ኔጌቲቭ» ይላሉ። «ሪህ ነው፣ ሥጋ ይተዉ» ተብለው ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖልና የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ታዘዘላቸውና ወደ ቤት ተመለሱ። ያበጠው ጉልበት ውስጥ ምን እንዳለ የተመለከተ ማንም አልነበረም።

በመጀመሪያ ዩሪክ አሲዱን እንመልከት። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው በአንድ ዴሲ ሊትር እስከ 6.8 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ሊሠራ ይችላል። «ሊሠራ ይችላል» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ብሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሪህ የማይነሣባቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸውና። አባታችን የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ራሱ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። በአገራችን በብዛት የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ፒራዚናማይድም እንዲሁ ያደርጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሕክምና ወራት የሚገኝ ሰው በደሙ 9 ወይም 10 ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ እውነተኛ የሪህ ሕመም በተነሣበት ሰዓት የዩሪክ አሲዱ መጠን ወርዶ በጤናማው ወሰን ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፣ መጠኑን በትክክል ለማወቅ ሕመሙ ከበረደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁጥር ሪህ መኖሩን እንደማያረጋግጥ ሁሉ፣ ዝቅ ያለውም ሪህ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ኢኤስአርና ሲአርፒ የብግነት ጠቋሚዎች ይባላሉ፤ በሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን ይነግሩናል እንጂ የቁጣውን ምክንያት አይነግሩንም። ኢኤስአር የምንለው ደሙ በቀጭን ቱቦ ቆሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀይ የደም ሴሎቹ ስንት ሚሊሜትር ወደ ታች እንደ ወረዱ የሚለካበት ምርመራ ነው። በዕድሜ፣ በደም ማነስና በእርግዝና ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለም በኋላ ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሲአርፒ ግን ፈጣን ነው፤ ሕመሙ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ገደማ ጫፍ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በሪህም ሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ በገባ ባክቴሪያ ሁለቱም በእኩል ሊያሻቅቡ ይችላሉ። በጣም ከፍ ያለ ሲአርፒ ኢንፌክሽንን ይበልጥ ያስጠረጥራል፤ ነገር ግን ከባድ ሪህም ከ100 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሊያደርሰው ስለሚችል ብቻውን መለያ አይሆንም።

በተለይ ስለ «ፖዘቲቭ» ልናገር። በብዙ ላብራቶሪዎች ሲአርፒ የሚሠራው አንድ ጠብታ የደም ውኃ ከአንድ ጠብታ የላቴክስ መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር በጥቁር ስላይድ ላይ ተደባልቆ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል እየተወዘወዘ፣ የሚረጋ ቅንጣት መኖሩ በዓይን እየታየ ነው። መጠኑ ከ6 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ሲያልፍ «ፖዘቲቭ» ብለን እንጽፋለን። በዚህ አሠራር ቀላል ጉንፋን ያመጣው 8 እና የመግል ጉልበት ያመጣው 280 በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ሆነው ይወጣሉ። በቁጥር የሚሰጥ ሲሆን ደግሞ መለኪያውን አንብቡ፤ በዴሲ ሊትር የተጻፈ 9 ማለት በሊትር 90 ነውና። ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነትን የሚጠቁመውን ሩማቶይድ ፋክተርንና ያለፈ የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ኢንፌክሽንን የሚጠቁመውን ኤኤስኦን በተመለከተ፣ በድንገት አንድ ጉልበት ብቻ ላበጠበት ጎልማሳ የዚያን ቀን ውሳኔ የሚለውጡ ምርመራዎች አይደሉም፤ ዋጋውን ግን ይጨምራሉ።

ጥያቄውን የሚመልሰው ምርመራ በጥቅሉ ውስጥ አልነበረም። ሐኪም ቆዳውን በሚገባ አጽድቶ በመርፌ ከጉልበቱ ፈሳሽ ይቀዳል፤ ፈሳሹም ለነጭ የደም ሴል ቆጠራ፣ ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ለሚያሳየው ግራም ስቴይን፣ ባክቴሪያውን አብቅሎ ለሚለየው ካልቸርና ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ባለበት ለክሪስታል ምርመራ ይላካል። ማይክሮስኮፑ ባይኖር እንኳ የቀሩት ሦስቱ ትልቁን ጥያቄ፣ ማለትም ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም የሚለውን፣ ለመመለስ ብዙ ይረዳሉ። ክሪስታል መታየቱም ቢሆን ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ጉልበት ውስጥ አብረው ይገኛሉና ካልቸሩ አይቀርም።

አባታችን ቅዳሜ «ቀለል አለኝ» አሉ። ዳይክሎፌናክ ሕመምንና ትኩሳትን ስለሚያስታግስ ሁላችንም ተታለልን። ወንድሜ የውጤቱን ፎቶ የላከልኝ እሑድ ማታ ነው፤ እንዳየሁት ደውዬ «ጉልበታቸው ተቀድቷል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ምኑ ይቀዳል?» አለኝ። ሰኞ ንጋት ላይ እየተንቀጠቀጡ ሆስፒታል ገቡ። ከጉልበታቸው 45 ሚሊ ሊትር የደፈረሰ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ፤ የነጭ የደም ሴሉ ቁጥር 82,000፣ ከዚያም 94 በመቶው ባክቴሪያን የሚዋጋው ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ነበር። ከ50,000 በላይ ሲሆን ኢንፌክሽን አጥብቆ ይጠረጠራል፤ በግራም ስቴይኑም እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ባክቴሪያዎች ታዩ። ካልቸሩ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ አበቀለ። ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ታጥቦ፣ ሁለት ሳምንት በደም ሥር፣ አራት ሳምንት በአፍ አንቲባዮቲክ ወሰዱ። ከወር በኋላ ዩሪክ አሲዳቸው ሲለካ 7.8 ነበር፤ አሎፑሪኖሉ ሆስፒታል በገቡ ዕለት ተቋርጦ ስለነበር፣ ያ ቁጥር ጉልበታቸው ሳያብጥም የነበረ የዘወትር መጠናቸው መሆኑን ተረዳሁ። ባክቴሪያ የመገጣጠሚያን ልስልስ አጥንት በቀናት ውስጥ ስለሚበላ፣ ጉልበታቸው ዛሬም እንደ ቀድሞው አይታጠፍም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ትቀዳላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይቀዱ ከሆነ ጥቅሉን አትግዙ፤ በዚያው ቀን ወደሚቀዳበት ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት አለመኖሩ አያዘናጋችሁ፤ መገጣጠሚያቸው በባክቴሪያ ከተያዘ ሰዎች ብዙዎቹ ትኩሳት የላቸውም። ኢንፌክሽን አለመኖሩ ሳይታወቅ በጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ አትወጉ። አንቲባዮቲክም ከመቀዳቱ በፊት ከተወሰደ ካልቸሩ ላያበቅል ስለሚችል ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ሕመምተኛው የሚንቀጠቀጥ፣ የሚደክም ወይም የሚዘባርቅ ሆኖ ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ ግን፣ ቅርብ ያለው ሐኪም አንቲባዮቲኩን ጀምሮ ይላከው፤ የጀመረበትን ሰዓትና የመድኃኒቱን ስም በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ አትርሱ።