የሱሉልታው ጉምና ነፋስ የሚያመጣው ጉም

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ማለዳ በጉም ሊሸፈን ይችላል። ይህ እዚያው የተወለደ ጉም ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲረጋ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ የነካውንም አየር ያቀዘቅዛል። ማታ 13 ዲግሪ የነበረው አየር እርጥበቱ ጠብታ የሚሆነው 7 ዲግሪ ላይ ነው እንበል፤ ሌሊት እዚያ ወርዶ ትንሽ ሲያልፍ ጉም ይሆናል።

ሁለተኛው ግን መጤ ነው፤ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በነፋስ ተገፍቶ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲያልፍ ይፈጠራል። ደንበኛ ቦታው እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። በክረምት እንጦጦን የሚሸፍነውን ከዚህ ጋር ባንቀላቅለው ይሻላል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ተራራው ላይ ያረፈ ደመና ነው።

የሱሉልታው ምንጭ የሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተተኪ የለውም፤ መሬቱ ሲሞቅ ከሥርና ከዳር እየሳሳ ይገፈፋል። 50 ሜትር ውፍረት ያለው ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ሊጠፋ ይችላል። 200 ሜትር የደረሰው ግን ብርሃኑን ከላይ ስለሚመልሰው መሬቱ ቶሎ አይሞቅም፤ እስከ ረፋድ ይቆያል። ነፋስ ያመጣውን ፀሐይ ብታሳሳው እንኳ ከኋላው ሌላ ይተካል፤ ነፋሱ አቅጣጫ እስኪቀይር ቀናት ሊሰነብት ይችላል። ለመለየት ነፋሱን ልብ ማለት ይረዳል፦ ነፋስ ጠንከር ሲል የሱሉልታው ይበተናል፣ ያኛው ይቀጥላል።